በጸሎት ጊዜ የሚመጣው ክፉ ሐሳብ፦ ከሃይማኖት ጋር የተያያዘ ኦሲዲ ያሳለፈች መምህርት ተሞክሮ

ባለ ቀይ መዝገብ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ከ2011 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ጀምሮ ለአራት ዓመታት ያህል፣ ለጸሎት በቆምኩ ቁጥር እኔ የማልፈልገው፣ የሚያስጠላኝና የሚያስደነግጠኝ የስድብ ሐሳብ ወደ አእምሮዬ ይገባ ነበር። ሕመሙ ኦሲዲ ይባላል፤ የማይፈለግ ሐሳብ እየተመላለሰ የሚያስጨንቅበት፣ ጭንቀቱን ለማስታገስም አንድን ነገር ደጋግሞ የሚያስደርግ የአእምሮ ሕመም ነው። ሐሳቡ በማን ላይ እንደነበርና ምን ይል እንደነበር እዚህ አልጽፍም። ተመሳሳይ ችግር ያለበት ሰው ቢያነበው የእኔን ሐሳብ ወስዶ የራሱ ጭንቀት ሊያደርገው ይችላል፤ ዝርዝሩን ለሰው መናገርም ለእኔ የሕመሙ አንድ ክፍል ሆኖ ስለነበር ወደዚያ መመለስ አልፈልግም። የመድኃኒት መጠንም አልጠቅስም። ከዚህ ውጪ ያለውን ግን የቻልኩትን ያህል በግልጽ ለመጻፍ ወስኛለሁ፤ እኔ ያን ጊዜ በአማርኛ ስፈልግ አላገኘሁትምና።

መጀመሪያ የሆነው ነገር ትንሽ ነበር። ማታ «አባታችን ሆይ» እያልኩ ሳለ ሐሳቡ መጣ፤ ደነገጥሁና ጸሎቱ ረክሷል ብዬ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። በሁለተኛው ዙር ሐሳቡ እንዳይመጣ ስጠባበቅ እዚያው ቦታ ላይ መጣ፤ እንደገና ጀመርኩ። በዚያ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደጀመርኩ አላስታውስም። ከስድስት ወር በኋላ ግን ቀድሞ ሃያ ደቂቃ ይፈጅብኝ የነበረው የማታ ጸሎት ወደ ሦስት ሰዓት ደርሶ ነበር። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» አርባ አንድ ጊዜ ስል ሠላሳ ስምንተኛው ላይ ሐሳቡ ከመጣ ቁጥሩን ከአንድ እጀምራለሁ። ሥዕለ አድኅኖ ካለበት ግድግዳ ፊቴን አዞራለሁ። ቅዳሴ ላይ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ መቆም ጀመርኩ፤ ቆይቶም ከቅዱስ ቁርባን ራቅሁ።

የንስሐ አባቴ ደግና ታጋሽ አባት ናቸው። በአንድ ወር ውስጥ ስለዚያው ሐሳብ አሥራ አንድ ጊዜ ተናዝዣለሁ። «ልጄ፣ አንቺ ያልፈለግሽው ሐሳብ አይጠየቅብሽም» ሲሉኝ እፎይ ብዬ እመለሳለሁ፤ ቤቴ ሳልደርስ ግን «በትክክል አስረድቼአቸዋለሁ ወይስ አለሳልሼ ነው የነገርኳቸው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ከዚያ ስልክ እደውላለሁ። እፎይታው መጀመሪያ ሁለት ቀን ይቆይ ነበር፤ በመጨረሻ ከአሥር ደቂቃ አላለፈም። ጠበልም ገብቻለሁ። በጠበሉ ላይ አንዳች ቅሬታ የለኝም፤ ዛሬም እጠመቃለሁ። በወቅቱ ግን ሐሳቡ በጠበል ውስጥ ሳለሁም ስለመጣ፣ «እዚህም ከመጣ ጠፍቻለሁ ማለት ነው» ብዬ ከቀድሞው በባሰ ሐዘን ተመለስሁ።

በመጀመሪያ ያየኝ ሐኪም እንቅልፍ እንደማልተኛና እንደማለቅስ ብቻ ነግሬው ስለነበር፣ ድብርት ነው ብሎ መድኃኒት ሰጠኝ። ስሕተቱ የእሱ ብቻ አልነበረም፤ ዋናውን ነገር ማፈር ከልክሎኝ ደብቄዋለሁ። መድኃኒቱንም በሦስተኛው ሳምንት በራሴ ፈቃድ አቋረጥሁ። ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ሄድኩ። ያን ጊዜ «የማልናገረው ሐሳብ አለ» አልኳት። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው ሁሉ «ሐሳቡ ምንድን ነው?» ነበር የሚለኝ። እሷ ግን «ሐሳቡን አሁን መንገር የለብሽም። ሐሳቡ ከመጣ በኋላ ምን ታደርጊያለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። የማደርገውን ስዘረዝርላት ሁለት ገጽ ሞላ። ሕመሙ ያለው ሐሳቡ ውስጥ ሳይሆን በእነዚያ ሁለት ገጾች ውስጥ እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው።

አሥር ጥያቄዎች ባሉት፣ የኦሲዲን ክብደት በሚለካው የዬል ብራውን መመዘኛ ከአርባ 27 አገኘሁ፤ ከባድ ከሚባለው ክልል ውስጥ ነው። ከዚያ ሥራው ተጀመረ። እሷ መጀመሪያ ያለችኝ «ሃይማኖትሽ ኃጢአት የሚለውን ምንም ነገር እንድታደርጊ አልጠይቅሽም» ነበር። የጠየቀችኝ ማንኛውም ምእመን በየቀኑ የሚያደርገውን እንዳደርግ፣ ከዚያም የለመድኩትን ማስተካከያ እንድተው ብቻ ነው። የምፈራቸውን ነገሮች ከዜሮ እስከ መቶ በጭንቀት መጠን ደረደርናቸው፦ «አባታችን ሆይ»ን ሳልደግም አንድ ጊዜ ብቻ ማለት 55፣ ከሥዕሉ ፊት ሳልዞር መጸለይ 65፣ ቅዳሴ ላይ ወደ ፊት ቀርቦ መቆም 75፣ ተጨማሪ ንስሐ ሳልደርብ መቁረብ 95።

የመጀመሪያዋን ማታ በቀይ ደብተር ላይ መዝግቤአታለሁ። ከምሽቱ 1፡05 ላይ ጸሎቱን ጀመርኩ፤ መካከሉ ላይ ሐሳቡ መጣ፤ አልተመለስሁም፤ እስከ «አሜን» ቀጥዬ ወደ ወጥ ቤት ሄድኩና ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ። በግምት 55 ያልነው ጭንቀት 80 ሆኖ ተነሣ። በ1፡15 ላይ 85 ደረሰ፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በ1፡30 ወደ 70 ወረደ፣ በ2፡00 ሰዓት 50፣ በ2፡35 ደግሞ 30። እኔ ምንም ሳላደርግለት ወረደ። ለአራት ዓመታት ግን ካልደገምኩ እስከ ንጋት የሚቆይ፣ ምናልባትም የሚገድለኝ ይመስለኝ ነበር። በየማታው ደገምኩት፤ በዘጠነኛው ቀን ከ45 ጀመረ።

መንገዱ ቀጥተኛ አልነበረም። በሦስተኛው ሳምንት ቁጥሮቹ መውረድ አቆሙ። ባለሙያዋ ደብተሩን አይታ «ሽንኩርት ስትከትፊ በልብሽ ምን ትያለሽ?» አለችኝ። በልቤ «ይቅር በለኝ» እያልኩ ነበር፤ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ሌላ ሦስት ጊዜ። ከአፌ ያስወጣሁትን ድግግሞሽ ወደ ውስጥ አስገብቼው ኖሯል። ባለቤቴንም «ፊቴ ጤነኛ ይመስላል?» እያልኩ እጠይቀው ነበር፤ ጥያቄው ስለ ሐሳቡ ባይሆንም የምፈልገው ያንኑ የንስሐ አባቴን ዓይነት መልስ ነበር። እነዚህን ሁለቱን ስተው ቁጥሮቹ እንደገና መውረድ ጀመሩ።

ከባዱ የንስሐ አባቴን ማስረዳት ነበር። እኔ ፈቅጄ ከባለሙያዋ ጋር ተነጋገሩ። መጀመሪያ አልተስማሙም፤ «ለንስሐ የመጣችን ልጅ እንዴት እመልሳለሁ?» አሉ። እሷም «አባ፣ የምትመጣው ለንስሐ አይደለም፤ ፍርሃቷ ነው የሚያመላልሳት። በመለሱላት ቁጥር ፍርሃቷ ይበረታል» አለቻቸው። በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን፦ በወር አንድ ቀን ንስሐ፣ ስለ ሐሳቡ ዝርዝር አይነገርም፣ ስልክ የለም። ከደወልኩ «ልጄ፣ ይህን ጨርሰናል» ብለው ስለ ተማሪዎቼ ይጠይቁኛል። መጀመሪያ እንዲህ ሲሉኝ ስልኩን ዘግቼ አለቀስሁ።

ከአምስት ወር በኋላ መመዘኛው 13 አሳየ። ቆርቤአለሁ። ሐሳቡ አልጠፋም፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይመጣል፣ በሰሙነ ሕማማት ይበዛል። ጥያቄ ያለው ሰው ካለ እመልሳለሁ፤ የሐሳቡን ይዘት ግን አትጠይቁኝ።

---

ጥላ ከለላ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

እኅቴ፣ ስላካፈልሽን አመሰግናለሁ። እኔም በወጣትነቴ እንዲህ ያለ ነገር ሞክሮኝ ነበር። እኔን የረዳኝ ከሐሳቡ ጋር አለመከራከር ነው፤ መልስ ስትሰጪው ይጸናል። ሐሳቡ ሲመጣ ግን ወዲያውኑ ማባረር ያስፈልጋል። እኔ በእጄ አንጓ ላይ ላስቲክ አስሬ፣ በመጣ ቁጥር ስቤ እለቀው ነበር። ወይም ቶሎ ብዬ ሌላ ጥሩ ነገር አስባለሁ። ይህን ብትሞክሪው ከአምስት ወር ልፋት ያሳርፍሽ ነበር ብዬ አስባለሁ።

---

የሌሊት ፈረቃ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

በሳይካትሪ ነርስነት አሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ወንድሜ ጥላ ከለላ፣ ከሐሳቡ ጋር አለመከራከር ያልከው ትክክል ነው፤ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ይሳሳታል። ላስቲኩ ግን ለዚህ ሕመም ተቃራኒ ውጤት ያመጣል። ሐሳቡን ለማባረር መምጣቱን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ደጁን የሚጠብቅ አእምሮ ደግሞ ሐሳቡን ራሱ ይጠራዋል። ላስቲክ መሳብ ከጊዜ በኋላ ራሱ ግዴታ ሆኖባቸው፣ «በደንብ አልሳብሁትም» ብለው አንጓቸው እስኪቆስል የሳቡ ታካሚዎች አይቻለሁ። ጥሩ ሐሳብ በክፉው ላይ መደረብም እንደዚሁ ነው፤ ጸሐፊዋ በልቧ ትለው ከነበረው «ይቅር በለኝ» አይለይም። ያንተ ሳይጸና ያለፈው ምናልባት ቀድሞውንም ወደ ሕመም ስላልደረሰ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሐሳብ ብልጭ የማይልበት ሰው የለም ለማለት እደፍራለሁ፤ አብዛኛው ሰው ግን ቁም ነገር ስለማይሰጠው ይረሳዋል።

ጸሐፊዋ ያለፈችበትን አንድ ነገር ላክልበት። መድኃኒቱን በሦስተኛው ሳምንት አቁማለች። ለኦሲዲ የሚሰጡት እንደ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ያሉ መድኃኒቶች ለድብርትም የሚሰጡ ናቸው፤ ለዚህ ሕመም ግን ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ መጠንና ረዘም ያለ ትዕግሥት ይጠይቃሉ። ሠርቷል አልሠራም ለማለት ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ይጠበቃል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መቅበጥበጥና የሆድ መረበሽ ስለሚኖር፣ ብዙ ሰው ጉዳቱን አይቶ ጥቅሙ ሳይደርስ ይተወዋል። በአንድ ጊዜ ማቋረጥም ራስን ማዞርና መረበሽ ያመጣል። ይህን የምጽፈው ማንም ሄዶ ከመድኃኒት ቤት እንዲገዛ ሳይሆን፣ ሐኪም ያዘዘለት ሰው ውጤቱን እስከ መቼ መጠበቅ እንደሚገባው እንዲያውቅ ነው።

---

እናት ከሜሪላንድ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡50

ልጄ፣ ያንቺን ሳነብ የእኔ ልጅ ታወሰኝ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። እሱም ክፉ ነገር ይሰማዋል። ሰዎች በግድግዳው በኩል ስለ እሱ ያወራሉ ይላል፤ ስድቡንም እነሱ ናቸው በጭንቅላቴ ውስጥ የሚያስገቡት ይላል። ትምህርቱን ከተወ አራት ወር ሆነው። ስልኩን ፈርቶ በውኃ ውስጥ ነከረው። ያቺ ባለሙያ እንዳደረገችልሽ በደብተር ብናስጽፈው፣ ጸሎቱንም እንዳይደግም ብንከለክለው ይሻለው ይሆን?

---

የሌሊት ፈረቃ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

እናቴ፣ ሰላም ይስጥልኝ። የእርስዎ ልጅ ችግር የጸሐፊዋ ዓይነት አይመስለኝም፤ በቶሎ ልነግርዎት የፈለግሁትም ይህንኑ ነው። ጸሐፊዋ ሐሳቡ ከራሷ አእምሮ እንደመጣ ታውቃለች፤ የሚያሠቃያትም «እንዴት ከእኔ ይወጣል?» የሚለው ነው። ልጅዎ ግን ድምፁ ከውጭ እንደሚመጣ፣ ሌሎች ሰዎች እንደሚያስገቡበት ያምናል። በደብተር መመዝገብ ለዚህ መድኃኒት አይሆንም፤ የአእምሮ ሐኪም በዚህ ሳምንት ውስጥ ሊያየው ይገባል። ግድግዳው ውስጥ ማንም የለም እያሉ አይከራከሩት፤ አለም አይበሉት። «እንደምትፈራ አይቻለሁ፤ አብረን ሐኪም ዘንድ እንሂድ» ማለት ይበቃል። እርስዎ ባሉበት አገር በስልክ 988 ቢደውሉ በማንኛውም ሰዓት የሚያነጋግር ሰው አለ፤ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል። ራሱን ወይም ሌላውን እጎዳለሁ ካለ፣ ወይም መብላትና መተኛት ከተወ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። ለብቻዎ መጻፍ ከፈለጉም እዚሁ በግል ሊጽፉልኝ ይችላሉ።

---

ኡሙ ሀያት | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡05

እኅቴ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ የወሎ ልጅ ስሆን አሁን የምኖረው ዱባይ ነው። ያንቺን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኛ ወስዋስ እንለዋለን። የእኔ ከሶላት በፊት በምናደርገው ትጥበት፣ በኡዱ ነው የጀመረው። ክንዴ በደንብ አልራሰም እያልኩ አንዱን ኡዱ አርባ ደቂቃ አደርገዋለሁ፤ ሶላት ላይ «አላሁ አክበር» ብዬ ተክቢራውን ካልኩ በኋላ «ኒያዬ፣ በልቤ ያሰብኩት፣ ትክክል ነበር?» እልና አቋርጬ እንደገና እቆማለሁ። የምሠራበት ቤት እመቤት ውኃው ለምን ይፈሳል እያለች ትቆጣኛለች፤ እጄ በክረምት እንደ ቅርፊት ይሆናል።

እዚህ ያለ አንድ ሼኽ የነገረኝ ነገር ረድቶኛል። ሰሓቦች ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥተው «ለመናገር የሚከብደንን ነገር በውስጣችን እናገኛለን» ሲሏቸው፣ «ይህ ግልጽ ኢማን ነው» አሏቸው፤ ግልጽ እምነት ማለት ነው። በዚህ ለአንድ ሳምንት ያህል ልቤ ዐረፈ። ከዚያ ግን ሐዲሱን ራሱን በቀን ሃያ ጊዜ ማንበብ ጀመርኩ፤ ሐሳቡ በመጣ ቁጥር ሮጬ ስልኬን እከፍታለሁ። ያንቺን ስለ ንስሐ አባትሽ ስልክ ሳነብ ነው ይህም ያው መሆኑ የገባኝ። እኔ ግን እዚህ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ፈቃድም ገንዘብም የለኝም። ብቻዬን ልጀምረው እችላለሁ?

---

ባለ ቀይ መዝገብ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50

ኡሙ ሀያት እኅቴ፣ ስለ እጅሽ ስታወሪ የእኔ ጉልበት ትዝ አለኝ፤ ስግደቱን ከመድገሜ የተነሣ ቆስሎ ነበር። በሃይማኖትሽ የሚበቃው ስንት እንደሆነ ሼኹን አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቂና በወረቀት ላይ ጻፊው። እያንዳንዱ አካል ሦስት ጊዜ ከሆነ ሦስት ጊዜ። አራተኛውን ለማድረግ ስትፈልጊ ቧንቧውን ዝጊና ሰዓት ተመልከቺ። እኔ ብቻዬን አልጀመርኩትምና ከዚህ የበለጠ ልምከርሽ አልችልም።

---

የሌሊት ፈረቃ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

ኡሙ ሀያት፣ ቀላል የሆነውን ብቻሽን መጀመር ይቻላል። ከኡዱ ሁሉ ትንሹን የሚያስጨንቅሽን ክፍል ምረጪ፤ ለምሳሌ እግርን ከሆነ እግርን ብቻ። እሱን በተወሰነው ቁጥር አቁሚና የቀረውን ለጊዜው እንደነበረ ተዪው። በየቀኑ አንድ ዓይነት አድርጊው፤ ጭንቀቱ እስከ ግማሹ እስኪወርድ ድረስ ምንም ማካካሻ አትጨምሪ። ሐዲሱን በልብሽ ስለምታውቂው ከስልክሽ አታንብቢው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የመነሻው ቁጥር ምንም ካልወረደ፣ የተደበቀ ድግግሞሽ አለ ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በልብ የሚባል ነገር ነው። ከተስፋ መቁረጥ የተነሣ መኖር እስኪያስጠላሽ ከደረስሽ ግን ይህ ብቻሽን የምትወጪው ስላልሆነ ጻፊልኝ፤ ባለሽበት አካባቢ ማን ሊደርስልሽ እንደሚችል አብረን እንፈልጋለን።

---

ዲያቆኑ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡00

በአንድ ገጠር ደብር አገለግላለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያልተዋጠልኝ ነገር ስላለ በትሕትና ልጠይቅ። ንስሐ መደበኛ ቀን ይኑረው መባሉን እረዳለሁ። ነገር ግን ባለሙያዋ «ይህ ንስሐ አይደለም፣ ፍርሃት ነው» ስትል የነፍስን ጉዳይ የምትለይ እሷ ሆናለች ማለት አይደለምን? ነገ አንድ ሰው እውነተኛ በደል ሠርቶ «ኦሲዲ ነው» ብሎ ንስሐውን ቢተወውስ?

በሌላ በኩል፣ የእኛ ቤተ ክርስቲያን አባት ባይሆንም፣ የሲና ተራራው ገዳማዊ ዮሐንስ ክሊማኮስ የጻፈው ታሪክ ያንቺን ሳነብ ታውሶኛል። አንድ መነኩሴ በእንዲህ ያለ የስድብ ሐሳብ ለሃያ ዓመት ተሠቃየ። በጾምና በትጋህ ሰውነቱን አደከመ፤ ምንም አልረዳውም። በመጨረሻ ሐሳቡን በወረቀት ጽፎ ለአንድ ሽማግሌ አባት ሰጠና በግንባሩ ተደፋ። ሽማግሌው አንብበው ፈገግ አሉ። አንሥተውት እጁን በአንገታቸው ላይ እንዲያደርግ ነገሩትና፣ ይህ ኃጢአት በእኔ አንገት ላይ ይሁን፣ አንተ ግን ከእንግዲህ ቁም ነገር አትስጠው አሉት። መነኩሴው ከአረጋዊው በኣት ሳይወጣ ከሐሳቡ እንደዳነ ይተረካል። ስለዚህ ለሐሳቡ ቁም ነገር አለመስጠት ከአባቶች መንገድ የራቀ አይደለም። ጥያቄዬ ማን ይለይ የሚለው ነው።

---

ባለ ቀይ መዝገብ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ዲያቆን፣ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የንስሐ አባቴም ያነሡት ይህንኑ ነበር። በእኛ መካከል የለዩት እሳቸው ናቸው፤ ባለሙያዋ ያሳየቻቸው የደወልኩባቸውን ቀናትና ሰዓታት ብቻ ነው። እሳቸው ያንን ካዩ በኋላ የተናገሩትን ላስቀምጥ፦ በሠራው በደል የተጸጸተ ሰው ይቅርታን ሲሰማ ይዞት ይሄዳል፤ ይህች ልጅ ግን ይቅርታውን ከእጄ ተቀብላ በር ላይ ትጥለዋለች አሉ። ባለቤቴን አንድ ቀን በቁጣ ክፉ ቃል ተናግሬው ነበር፤ እሱን ተናዝዤአለሁ፣ ተቀብያለሁ፣ አልደገምኩትም። ልዩነቱ ለእኔ በዚህ ታውቆኛል። ሰውየው ራሱ ሊለይ በማይችልበት ጊዜ ግን ማን ይለይ ለሚለው መልስ የለኝም። የንስሐ አባቴ ሕመሙን ባይረዱኝ ኖሮ ምን እሆን እንደነበርም አላውቅም።

መነኩሴው በአንዴ መዳኑን ሳነብ ትንሽ ቀናሁ። የእኔ አልጠፋም።

---

ድምፅ አልባ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡40

ስሜን ስለማትጠይቁኝ አመሰግናለሁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የእኔ ሐሳብ ከሃይማኖት ጋር የተያያዘ ብቻ አይደለም፤ የምወዳቸውን ሰዎች ስለመጉዳትም ይመጣብኛል። ቢላዋ ካለበት ወጥ ቤት መግባት ትቻለሁ። እናቴ ጋር ብቻዬን አልቀመጥም። ማድረግ አልፈልግም፤ ሳስበው አለቅሳለሁ። የሌሊት ፈረቃ፣ እባክዎ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፦ እኔ ይህን ነገር አላደርገውም አይደል? የእኔ ሐሳብ የኦሲዲ ነው አይደል? እርግጠኛ ነዎት?

---

ጥላ ከለላ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡55

ወንድሜ፣ አታደርገውም። እንዲህ የሚያለቅስ ሰው አያደርግም። ተረጋጋ።

---

ድምፅ አልባ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡02

እናመሰግናለን። ግን እኔን አያውቁኝም። ካለቀስኩ በኋላ ባደርገውስ?

---

የሌሊት ፈረቃ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡20

ወንድሜ ድምፅ አልባ፣ ጥያቄህን ሳነብ መልስ ልሰጥህ እጄ ሄዶ ነበር። ከጥላ ከለላ መልስ በኋላ እፎይታህ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ግን ሰዓቱ ተመዝግቦ ይታያል፤ ሰባት ደቂቃ። እኔ «እርግጠኛ ነኝ» ብልህ ነገ ሌላ ጥያቄ ይዘህ ትመጣለህ፤ እኔም ለአንተ የጸሐፊዋ ስልክ እሆናለሁ። ስለዚህ በዚህ ላይ መልስ አልሰጥህም፤ የማልመልስልህ ችላ ብዬህ አይደለም።

ይልቁንስ ይህን አድርግ። ለሐኪም በግንባር መናገር ከከበደህ በግማሽ ገጽ ጻፍ፦ ሐሳቡ መቼ እንደጀመረ፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚወስድብህ፣ ከመጣ በኋላ ምን እንደምታደርግ፣ ምን ማድረግ እንደተውህ። ቢላዋውንና የእናትህን ነገር በሦስተኛው መስመር ላይ እንዳትደብቀው፤ ከላይ ጻፈው። ሐኪሙ ሐሳቡን እንደምትፈራውና እንደምትሸሸው ማወቅ አለበት፤ ያንን ሳያውቅ «ሰው ልጎዳ ነው ይላል» ብቻ ብሎ ከሰማ ሌላ ነገር ሊመስለው ይችላል። አዲስ አበባ ከሆንክ ከአማኑኤል ሌላ በጥቁር አንበሳና በቅዱስ ጳውሎስም የአእምሮ ሕክምና አለ። ስትሄድ «ለኦሲዲ የመጋለጥ ልምምድ የሚያሠራ ባለሙያ አለ ወይ?» ብለህ ጠይቅ፤ ጸሐፊዋ የሠራችው ዓይነት ማለት ነው፤ ምክር መስጠትና ይህን ማሠራት አንድ አይደሉም፣ የሚያሠሩትም ጥቂት ናቸው። ወረፋው ሊረዝም ይችላል። እስከዚያው አንድ ነገር በግልጽ መልስልኝ፤ ይህን በግል ጻፍልኝ፦ መኖር የጠላህበት ወይም ራስህን ልትጎዳ ያሰብክበት ጊዜ አለ?

---

ድምፅ አልባ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡48

በግል ጽፌልዎታለሁ።

---

ጥላ ከለላ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡05

እኔ በመልካም ልብ ነበር የመለስኩት። ሰው ሲጨነቅ እያየሁ ዝም ልበል? ይህን አሁንም ለመቀበል ይከብደኛል።

---

ባለ ቀይ መዝገብ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡30

ጥላ ከለላ ወንድሜ፣ ባለቤቴም እንዲሁ ይል ነበር። ለእሱ የተሰጠው ቃል «እንደተጨነቅሽ አያለሁ፤ ይህን አልመልስልሽም፤ ቡና ላፍላ?» የሚል ነበር። ከእኔ ይልቅ እሱ ተቸግሯል፤ አንዳንድ ቀን ይሸነፍና «ደህና ነሽ፣ ምንም የለብሽም» ይለኝ ነበር። እሱም በልምምድ ነው የመጣለት።

---

እናት ከሜሪላንድ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡10

ትናንት ከልጄ ጋር ሐኪም ዘንድ ሄደናል። እኔ ከውጭ ተቀምጬ እሱ ብቻውን ከሐኪሙ ጋር አንድ ሰዓት ቆየ። ሰኞ እንመለሳለን። ስለ ግድግዳው አልተከራከርኩትም። የሌሊት ፈረቃ፣ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

---

ድምፅ አልባ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡15

ማክሰኞ ቀጠሮ ይዣለሁ። ግማሽ ገጹን ጽፌዋለሁ፤ ቢላዋውን በመጀመሪያው መስመር ላይ አድርጌዋለሁ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለሌሊት ፈረቃ ሌላ ጥያቄ ጽፌ ነበር፤ ሳልልከው አጠፋሁት። በዚያ ሰዓት 90 ነበር። ደብተር ስለሌለኝ በስልኬ ላይ መዘገብኩት፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ 75 ነበር፣ አሁን 60 ነው። እናቴ ወጥ ቤት ናት። እራት ቀርቧል እያለች እየጠራችኝ ነው።